ከመዋጮው በፊት ሒሳቡ፦ ለልደታ ልጆች የሚጻፈው ደብዳቤ ምን ይበል?

ለሕንጻ ገንዘብ ይገኛል። ጉልላት ሊሠራ ነው፣ ቅጽር ሊታጠር ነው፣ ደወል ሊገዛ ነው ከተባለ በዋሽንግተንም በለንደንም በሪያድም ያለው የደብሩ ልጅ እጁን ይዘረጋል። ፎቶ አለው፣ ምረቃ አለው፣ ስም የሚጻፍበት ድንጋይ አለው። ለዕጣን፣ ለጧፍ፣ ለዘቢብ፣ ለዲያቆን ደመወዝ፣ ጧሪ ላጣች አሮጊት የወር ቀለብ ሲባል ግን ዝም ይላል። ችግሩ ጭካኔ አይደለም። የወር ወጪ ፎቶ የለውም፤ መጨረሻም የለውም። ሰው ደግሞ መጨረሻውን ለማያየው ነገር በየወሩ የሚከፍለው አንድ ነገር ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ የት እንደደረሰ ሳይጠይቅ ሲነገረው።

ሰሞኑን በብዙ አጥቢያዎች ሰበካ ጉባኤ ውስጥ የሚነሳ ሐሳብ አለ። በውጭ ለሚኖሩ የአጥቢያው ልጆች ደብዳቤ ይጻፍ፣ በዓመት አንዴ በገቢ ማሰባሰቢያ ከመጮህ ይልቅ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንዲሰጡ ይጠየቁ፣ ሒሳቡም በግልጽ ይቅረብላቸው የሚል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የሚበላሸው ሲጻፍ ነው። ደብዳቤው ሦስት ገጽ ስለ በረከት ያወራና ስለ ሒሳቡ በአንድ መስመር "በግልጽነትና በተጠያቂነት እንሠራለን" ብሎ ይዘጋል። ያቺ አንድ መስመር ናት ደብዳቤው መሆን የነበረባት።

ነገሩን መሬት ለማስያዝ ልደታን እንውሰድ።

ልደታ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኗ ነው። በመልሶ ማልማት ቀድመው ከፈረሱት የአዲስ አበባ ነባር መንደሮች አንዱም ይኸው ሰፈር ነው። የጭቃ ቤቶቹ ባሉበት ኮንዶሚኒየምና ፎቅ ቆመ፤ በ2008 ዓ.ም. መባቻ ቀላል ባቡሩም በአጠገቡ ማለፍ ጀመረ። ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበተነ። ገሚሱ የከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ሄደ፤ ከልጆቹ መካከል ባሕር የተሻገረው ብዙ ነው። ይህ ለአንድ አጥቢያ ትንሽ ነገር አይደለም። የሰበካ ጉባኤ አባልነት መዝገብ የተሠራው በእግር ለሚመጣ ጎረቤት ነው።

ከጀርባው ደግሞ የቆየ ታሪክ አለ። ቃለ ዓዋዲ የሚባለው የሰበካ ጉባኤ ደንብ የወጣው በ1965 ዓ.ም.፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ነው። በደንቡ መሠረት አጥቢያው በካህናት፣ በምእመናንና በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተወካዮች ይመራል፤ ምእመኑም ተመዝግቦ መዋጮውን ይከፍላል። ብዙም ሳይቆይ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ተወረሰ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የኖረችበት የመሬትና የኪራይ ገቢ ባንድ ዓመት ሄደ። ያኔ የተረፈው ያ ገና አዲስ የሆነው የአባላት መዋጮ ነበር። እንግዲህ ወርኃዊ መዋጮ ለአጥቢያ ከውጭ የመጣ ፈሊጥ አይደለም። አዲሱ ነገር ከፋዩ በእግር የሚመጣ ጎረቤት መሆኑ መቅረቱ ነው።

ጎረቤት ሒሳብን በዓይኑ ያያል። ሙዳየ ምጽዋቱ ሲከፈት ማን እንደቆጠረ ያውቃል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ያየዋል፣ ገንዘብ ያዡን መንገድ ላይ ያገኘዋል። ሜሪላንድ ያለው ልጅ ከዚህ ሁሉ አንዱም የለውም። ስለዚህ ደብዳቤው ያጣውን ዓይን በወረቀት መተካት አለበት። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው።

ማሳያው ሩቅ አይደለም፤ እድር ነው። አብዛኛው ውጭ የሚኖር ሰው የእናቱን እድር በየወሩ ይከፍላል፤ አንድም ወር አያልፈውም። እድር ስለ በረከት አይሰብክም። መዋጮው ትንሽና ቁርጥ ያለ ነው። ለምን እንደሚውል ሁሉም ያውቃል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ለሐዘንተኛው የሚሰጠው ብር በደንብ ተጽፏል። ገንዘብ ያዡ በስብሰባ ቀን ቆሞ ገቢና ወጪውን ያነባል፤ ያልገባው ይጠይቃል። አራተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ ያልከፈለ ይታወቃል፣ ያልሠራ ዳኛም ይወርዳል። ግዴታው በሁለቱም በኩል ነው። የአጥቢያ ደብዳቤ ሰጪውን ብቻ ሲያስር ተቀባዩን ግን በምንም ሳያስር ይቀራል፤ ከእድር የሚያንሰው እዚህ ላይ ነው።

ከመጽሐፍም ማስረጃ ለሚፈልግ አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ በውጭ ካሉ ምእመናን በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች ያሰባሰበውን ገንዘብ ታሪክ በሁለቱ የቆሮንቶስ መልእክታት ያነቧል። በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 16 ሥርዓቱን ያወጣል። እያንዳንዱ ሰው በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንደ አቅሙ ለብቻው እንዲያስቀምጥ፣ እርሱ ሲመጣ መዋጮ ማሰባሰብ እንዳይጀመር ያዛል። ገንዘቡን የሚያደርሱትም ቆሮንቶሳውያኑ ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች እንዲሆኑ ያደርጋል። በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 8 ደግሞ ከቲቶ ጋር ሌላ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ወንድም እንዲሄድ ያደረገበትን ምክንያት ይናገራል። በዚህ ብዙ ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፋቸው መጠንቀቃቸውን፣ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን ማሰባቸውን ይገልጻል። ሐዋርያ ሆኖ "እመኑኝ" አላለም። ሌላ ሰው አብሮ ላከ። "አባቶችን ሒሳብ መጠየቅ ድፍረት ነው" ለሚል ሁሉ መልሱ እዚያ ተጽፏል።

ሦስተኛው ማሳያ የቅርብ ነው፤ ያልሠራ ስሌትም የሚያሳይ ነው። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ በቀን አንድ ዶላር እንዲሰጥ ጠየቁ፤ የዲያስፖራ ትረስት ፈንድም ተቋቋመ። ሚሊዮን ሰው በቀን አንድ ዶላር ቢሰጥ በዓመት 365 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሰበሰበው ግን ጥቂት ሚሊዮን ዶላር ነበር። ፈንዱ የሰጪዎችን ስምና መጠን በድረ ገጹ ያወጣ ነበርና ግልጽነት ጎደለው ለማለት ያስቸግራል። ስሌቱ ግን የተጀመረው ካልተመዘገበ ሚሊዮን ሰው ነው። አጥቢያም ተመሳሳይ ነገር ይሠራል፤ "ውጭ አገር አምስት ሺህ ልጆች አሉን፣ እያንዳንዱ አሥር ዶላር ቢሰጥ" ብሎ ይነሳል። አምስት ሺዎቹን የቆጠረ የለም። ትክክለኛው መነሻ ተቃራኒው ነው፤ ወጪውን አስቀድሞ መቁጠር፣ ከዚያ ስንት ሰው እንደሚበቃ ማስላት።

እንሥራው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ የትኛውም አጥቢያ በራሱ ሊተካቸው ይችላል።

አጥቢያው ለአንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ፤ ጧሪ ለሌላቸው 40 አረጋውያን የወር ቀለብ። ለምን ለአንድ ነገር ብቻ? በመሐል ከተማ ያለ አጥቢያ ብዙ ጊዜ ከሱቅ ኪራይ፣ ከስእለትና ከሙዳየ ምጽዋት ገቢ አለው። ሰጪው ይህን ያውቃል፤ "ያንን ምን አደረጋችሁት?" ብሎ ይጠይቃል። "ለአጠቃላይ አገልግሎት" የሚባል ጥያቄ ለዚህ መልስ የለውም። በነባሩ ገቢ ያልተሸፈነ አንድ ወጪ ተለይቶ ሲቀርብ ግን ክርክሩ ያበቃል።

ለአንድ ሰው በወር 3,000 ብር፣ ለ40 ሰው 120,000 ብር። አንድ ዶላር በባንክ 130 ብር ቢመነዘር የሚያስፈልገው 923 ዶላር ገደማ ነው። እያንዳንዱ ሰጪ በወር 20 ዶላር ቢከፍል 47 ሰው ይበቃል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ይበቃል፤ በተግባር አይበቃም። በየወሩ ካርዱ ያለፈበት፣ ሥራ የቀየረ፣ የረሳ ይኖራል። ከአምስቱ አንዱ ይቀራል ብሎ ማሰብ ጤናማ ነው። ስለዚህ መመዝገብ ያለበት 60 ሰው ነው። ከእነዚህ 48ቱ ሲከፍሉ 960 ዶላር ይሆናል። ሁሉም ለየብቻው ቢልክ የመላኪያው ዋጋ ትንሹን ገንዘብ ይበላዋል፤ 20 ዶላር ለመላክ 4 ዶላር የከፈለ ሰው አንድ አምስተኛውን ለላኪ ድርጅት ሰጠ። አንድ ላይ ተሰብስቦ በወር አንዴ በባንክ ቢላክና መላኪያው 30 ዶላር ቢሆን ግን 930 ዶላር ይቀራል፤ 120,900 ብር። ወጪው ተሸፈነ፣ 900 ብር ተረፈ።

እዚህ ላይ ደብዳቤ ጸሐፊዎች የሚያልፉት አንድ ጉዳይ አለ። አጥቢያ ከገቢው ለበላይ አካል በመቶኛ የሚያወጣው ፈሰስ አለበት። ይህ ገንዘብ እንደ መደበኛ ገቢ ተመዝግቦ ለምሳሌ 20 ከመቶ ቢነሳለት 24,180 ብር ይሄዳል፤ የሚቀረው 96,720 ብር ነው። አርባ ሰው መሆኑ ቀርቶ ለ32 ሰው ብቻ ይበቃል። ፈሰስ መክፈል ጥፋት አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ጥፋቱ ሰጪው ከስድስት ወር በኋላ ከሌላ ሰው ሲሰማው ነው። ወይ ገንዘቡ ለተወሰነ ዓላማ የመጣ አደራ መሆኑ ከሀገረ ስብከቱ ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ ይለይ፤ ወይ ፈሰሱ ከመጀመሪያው በደብዳቤው ይቀመጥና የሰጪው ቁጥር ወደ 75 ይደግ። ሁለቱም ያስኬዳሉ። ዝም ማለት ብቻ ነው የማያስኬደው።

የምንዛሪው ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ከ60 በታች የነበረው የዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ከ120 አለፈ። ያን ጊዜ ሃያ ዶላር የሚልክ ሰው መዋጮ በብር ሲቆጠር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ትርፉ የት ገባ? ቃል የተገባው በብር ብቻ ከሆነ ልዩነቱን የሚያየው ሒሳብ ሹሙ ብቻ ነው። ስለዚህ መዋጮው በዶላር ወይም በፓውንድ ይቆረጥ፤ ሪፖርቱ ግን የተመነዘረበትን ቀንና ዋጋ ይጻፍ። ትርፍ ሲመጣ የቀለቡ መጠን ይጨምር፤ ኑሮውም አብሮ ጨምሯልና።

ፈተናው ደግሞ እዚሁ ነው። አንድ በጎ አሳቢ ብቅ ይልና "በባንክ ለምን? እኔ በእጅ ላስገባላችሁ፣ በዶላር ብዙ ብር ይጨምራል" ይላል። ሕገ ወጥነቱን ለጊዜው እንተወውና በሒሳብ ብቻ እንየው። በእጅ የገባ ገንዘብ የባንክ ወረቀት የለውም። ወረቀት ከሌለው በሪፖርቱ የሚጻፈው ምንዛሪ የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው። ለጥቂት ሺህ ብር ተብሎ ደብዳቤው የቆመበት መሠረት ተናደ። በግለሰብ ስም የተከፈተ ሒሳብም እንዲሁ ነው። "ለጊዜው በወንድም እገሌ ሒሳብ አስገቡ" የሚል መልእክት የመጣለት ሰው፣ እገሌ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ባይልክ ይሻላል። እገሌ ቢታመም፣ ቢሞት፣ ቢፋታ ያ ገንዘብ የቤተሰቡ ጉዳይ ይሆናል።

ግብርን በተመለከተም ደብዳቤው የማይችለውን ቃል እንዳይገባ። በአሜሪካ ሕግ በቀጥታ ለውጭ አገር ቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ስጦታ ከግብር አይቀነስም። እዚያው በተቋቋመ ቤተ ክርስቲያን በኩል ሲያልፍ ሊቀነስ ይችላል፤ ነገር ግን ያ ቤተ ክርስቲያን ገንዘቡን በራሱ ውሳኔ የሚቆጣጠር መሆን አለበት፤ ቧንቧ ብቻ መሆን አይችልም። በእንግሊዝ ደግሞ እዚያ በታወቀ በጎ አድራጎት በኩል ግብር ከፋይ የሆነ ሰው 20 ፓውንድ ሲሰጥ "ጊፍት ኤይድ" በሚባለው አሠራር መንግሥት 5 ፓውንድ ይጨምርበታል። በየአገሩ ያለው የአጥቢያው ልጅ ይህን ለራሱ አገር ያጣራ፤ አዲስ አበባ ያለው ጸሐፊ በደፈናው "ከግብር ይቀነስላችኋል" አይበል።

ቀኑስ? ለልደታ ቀኑ የተሰጠ ነው። ልደታ ለማርያም በየወሩ በ1 ትታሰባለች፤ ዓመታዊው በዓሏም ግንቦት 1 ነው። የእኛ ወር መባቻ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ7 እስከ 12 ባለው ቀን መካከል ይውላል። ስለዚህ ውጭ ያለው ሰው ባንኩን በየወሩ በ5 እንዲቆርጥ አንዴ ቢያዝ ገንዘቡ ሁልጊዜ ከበዓሉ በፊት ከአሰባሳቢው ሒሳብ ይገባል። ጳጉሜን የራሷ መባቻ ቢኖራትም አታስቸግርም፤ በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል በሁለቱም አቆጣጠር አሥራ ሁለት ነው። አንዴ ያዘዘ ሰው በየወሩ ለመስጠት መወሰን አይጠበቅበትም፤ ለማቆም ነው መወሰን ያለበት። ወርኃዊ መዋጮ ከዓመት አንድ ጊዜ ልመና የሚበልጠው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ቃል ኪዳን። ብዙ ቃል መግባት አያስፈልግም፤ ጥቂትና የሚጠበቅ ይበቃል። ዋናው ከወሩ መባቻ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ የሚወጣ አንድ ገጽ ነው። ገጹ ምን እንደሚመስል ደብዳቤው ራሱ ያሳይ። ለምሳሌ የአንድ ወር ገጽ እንዲህ ይነበባል፦

ከባለፈው ወር የዞረ 362,700 ብር። የከፈሉ 48 ሰዎች፣ 960 ዶላር። የመላኪያ 30 ዶላር። በባንክ የተመነዘረ 930 ዶላር፣ በ130 ብር፣ የገባው 120,900 ብር፤ የገቢ ደረሰኙ ቁጥርና ቀን። የተከፈላቸው 39 ሰዎች፣ 117,000 ብር፤ አንድ አረጋዊ በዚህ ወር አርፈዋል፣ ምትካቸው በሚቀጥለው ወር ይመረጣል። ለሚቀጥለው ወር የዞረ 366,600 ብር።

ይህ ገጽ ሦስት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ የዞረው 362,700 ብር የሦስት ወር መዋጮ ነው። አጥቢያው ገንዘቡ በመጣበት ወር መክፈል አልጀመረም፤ የሦስት ወር መጠባበቂያ ይዞ በአራተኛው ጀመረ። አንድ ወር ባንክ ቢያዘገይ ወይም ሰጪ ቢያንስ አንዲት እናት "የለም" ተብላ አትመለስም። የተጀመረ ቀለብ ማቋረጥ ካለመጀመር ይከፋል። ሁለተኛ፣ ቁጥሮቹ ከላይ እስከ ታች ይደመራሉ። ማንም በስልኩ ካልኩሌተር ያረጋግጣቸዋል።

ሦስተኛው ዋነኛው ነው፤ 39 የሚለው ቁጥር። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አርባ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ አርባ ሆነው አይቆዩም። ያርፋሉ፣ ልጅ ይወስዳቸዋል፣ ሆስፒታል ይገባሉ። ሪፖርቱ በየወሩ "40 ሰው፣ 120,000 ብር" እያለ አሥራ ሁለት ወር ከሄደ አንድ ነገር ልክ አይደለም። የግድ ስርቆት ነው ማለት አይደለም፤ ምናልባት ሒሳብ ሹሙ ያለፈውን ወር ገጽ እየገለበጠ ነው። ግን ማንም እየሄደ አልቆጠረም ማለት ነው። እውነተኛ ሒሳብ ያልተስተካከለ ቁጥር አለው። ከሩቅ ያለ ሰው ሊይዘው የሚችለው ምርጡ ምልክት ይኸው ነው። የአረጋውያኑ ስምና ፎቶ በቴሌግራም መውጣት አያስፈልግም፤ ድህነታቸው የሰጪው ማስታወቂያ አይደለም። ስም ዝርዝሩ ከፊርማቸው ጋር በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ፤ ለዕረፍት የመጣ ማንኛውም ሰጪ ገብቶ ማየት ይችል።

ገጹን የሚጽፈው ማነው? እዚህ ብዙዎቹ ይሰበራሉ። መጀመሪያ አንድ ትጉህ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ይነሳል፤ ሠንጠረዡ ያምራል፣ ቀለም አለው። ሰባተኛው ወር ላይ ያገባል ወይም ሥራ ይቀይራል፤ ሪፖርቱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ሥራው ደመወዝ የሚከፈለው ሒሳብ ሹም የሥራ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ገንዘቡን ገንዘብ ያዡ ይይዝ፣ ሒሳብ ሹሙ ይመዝግብ፣ ቁጥጥሩ ያረጋግጥ፤ ሦስቱ አንድ ሰው አይሁኑ። ከባንክ የሚወጣው ከአስተዳዳሪው ጋር አንድ የምእመናን ተወካይ ሲፈርም ብቻ ይሁን። ከሰጪዎቹም ሁለት ሰዎች በራሳቸው በሰጪዎቹ ተመርጠው የባንኩን መግለጫ በየወሩ ይመልከቱ። የቆሮንቶስ ሰዎች የመረጧቸው መልእክተኞች እነዚህ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ከደብሩ ጋር ዝምድና የሌለው ፈቃድ ያለው ኦዲተር ይየው፤ ወጪው ከየት እንደሚከፈልም አስቀድሞ ይጻፍ።

የመጨረሻው ቃል ኪዳን ብዙ አባቶችን የሚያስደነግጠው ነው፤ ሪፖርቱ ሁለት ወር ካልወጣ መዋጮው ያለ ክርክር ይቆማል የሚለው። "እንዴት ራሳችንን እንቀጣለን?" ይባላል። ሆኖም ይህ አንቀጽ ባይኖርም ሰዎች ማቆማቸው አይቀርም፤ ልዩነቱ ቅር ተሰኝተው፣ ሳይናገሩ፣ ተመልሰው ላይመጡ ያቆማሉ። አንቀጹ ሲኖር መቆሙ ጠብ ሳይሆን ሥርዓት ነው፤ ሪፖርቱ ሲመለስ መዋጮውም ይመለሳል። መጠባበቂያው የሦስት ወር የሆነውም ለዚህ ነው፤ በጽሕፈት ቤቱ ስንፍና አረጋውያኑ እንዳይራቡ።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ደብዳቤው ራሱ አጭር ይሆናል። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

"በውጭ አገር ለምትኖሩ የደብራችን ልጆች፤ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። በአጥቢያችን ጧሪ የሌላቸው 40 አረጋውያን አሉ። ከደብሩ መደበኛ ገቢ ለእነርሱ የሚሆን አልተረፈም፤ የዓመቱ ሒሳብ ከዚህ ጋር ተያይዟል፣ ተመልከቱት። ለእያንዳንዳቸው በወር 3,000 ብር ለመስጠት በወር 20 ዶላር የሚሰጡ 60 ሰዎች እንፈልጋለን። 60 ሰው ካልተመዘገበ አንጀምርም፤ የተሰበሰበውንም እንመልሳለን። ክፍያ የምንጀምረው የሦስት ወር መጠባበቂያ ሲሞላ ነው። ገንዘቡ በደብሩ ስም ለዚሁ ብቻ ወደተከፈተ ሒሳብ ይገባል፤ ያለ እናንተ ድምፅ ለሌላ ሥራ አይዞርም፣ ለቅጽር ማሠሪያም ቢሆን። በየወሩ አንድ ገጽ ሒሳብ እንልካለን። ሁለት ወር ካልላክን አቁሙ፤ አንቀየምም። የባንኩን መግለጫ የሚያዩልን ሁለት ሰዎች ከመካከላችሁ ምረጡልን። መስጠት ያልቻላችሁ በጸሎት አስቡን፤ ስማችሁ በማንኛውም ዝርዝር አይነሳም።"

ከዚህ በላይ አያስፈልግም። "የዓመቱ ሒሳብ ከዚህ ጋር ተያይዟል" የምትለው ሐረግ ከሁሉ ከባዷ ናት። ብዙ አጥቢያዎች ደብዳቤውን ሊጽፉት ይወዱና እዚያች ሐረግ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። አዲስ ገንዘብ ከውጭ ከመጠየቅ በፊት ያለውን ገንዘብ ለቤት ሰው ማሳየት ይቀድማልና። ሙዳየ ምጽዋቱ ስንት እንደሰበሰበ፣ ሱቁ ለማን በስንት እንደተከራየ ለአጥቢያው ምእመን በጉባኤ ያላነበበ ሰበካ ጉባኤ፣ ለሜሪላንድ ልጆች አነባለሁ ቢል የሚያምነው አይኖርም። የሙስና ወሬ ከቤተ ክህነት ያልራቀበት ጊዜ ነው፤ ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ ራሳቸው ከተሾሙበት ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ደጋግመው በአደባባይ የወቀሱት ነገር ነው። ውጭ ያለው ሰው ይህን ሰምቷል። የሰማውን ሰው በስብከት ማስረሳት አይቻልም።

ስለዚህ ደብዳቤውን ለመጻፍ የተቀመጠ ኮሚቴ ካለ የመጀመሪያ ሥራው ብዕር ማንሳት አይደለም። ወደ ሒሳብ ክፍል ሄዶ የአምናውን ገቢና ወጪ አውጥቶ በሚቀጥለው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ለተሰበሰበው ሕዝብ ማንበብ ነው። ያ ከተነበበ ደብዳቤው ግማሹ ተጽፏል። ያ ካልተነበበ ደግሞ ቴምብሩን ባይገዙ ይሻላል።